ከሁለተኛው ኢንተርቪው በኋላ ዝም ሲሉ

ሁለተኛው ኢንተርቪው ደህና ሆኖ ያልቃል። ጥያቄዎቹ ከመጀመሪያው ጠለቅ ያሉ ነበሩ፤ የሚጠበቀው ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ ሥራ መቼ መጀመር እንደሚቻል ሁሉ ተጠይቋል፤ የቀድሞ አለቃ ስልክም ተወስዷል። ሲሸኙ «በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደውልልሻለን» ብለዋል። ሳምንቱ ያልፋል፣ ሁለተኛውም ይከተላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ግን ድምፅ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ «ቢፈልጉኝ ይደውሉ ነበር» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ሆዱ እየተላወሰ ሦስት ገጽ ይጽፋል፣ ወይም እዚያ የሚሠራ የሚያውቀው ሰው ያፈላልጋል። ሁለቱም የሚመነጩት አመልካቹ በዝምታው ውስጥ ውሳኔ ስላነበበ ነው። ሁለት ሳምንት የቆየ ዝምታ ግን ብዙውን ጊዜ ውሳኔው ገና አለመቋጨቱን ነው የሚያመለክተው። ስለዚህም በዚህ ጊዜ የሚጻፈው አጭር መልእክት ውሳኔውን ሳይሆን ቀኑን ይጠይቅ እላለሁ። ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ መልስ የሚያገኘውንና የማያገኘውን ደብዳቤ የሚለየው ግን እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማየት በሁለቱ ሳምንታት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። አዲስ አበባ ባለ አንድ መያድ ለከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ መደብ ያመለከተች ሴት እንውሰድ። ጉዳዩ በምሳሌ የቀረበ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅጥር የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ግን እውነተኛ ናቸው። የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፣ የመጀመሪያውን ኢንተርቪው አልፋለች፣ ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን ደግሞ ከፋይናንስ ኃላፊውና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ፊት ለሁለተኛ ጊዜ ቀርባለች።

እሷ ከወጣች በኋላ እያንዳንዱ ጠያቂ የነጥብ መስጫ ቅጹን ሞልቶ ለኤች አር መመለስ አለበት። ከሦስቱ አንዱ በማግስቱ ወደ መስክ ከወጣ ነጥቡ ተደምሮ ደረጃ እስኪወጣ ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ይፈረማል፤ የቅጥሩ ሐሳብም ማጽደቅ ወደሚችለው ኃላፊ ይሄዳል። ኃላፊው በጀቱን አይቶ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል። በዚህ መሐል ኤች አሯ ሪፈረንስ ለማጣራት ለቀድሞ አሠሪዎች ትደውላለች ወይም ትጽፋለች፤ እነሱም በቶሎ ላይመልሱ ይችላሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከአመልካቾች ለማንም የሚነገር ነገር የለም፤ ምክንያቱም የሚነገር ነገር ገና አልተወለደም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ አመልካቾች እምብዛም የማያስቡት ነው። አንደኛ የወጣ ሌላ ሰው ተጠርቶ ደመወዝ እየተደራደረ ሊሆን ይችላል። እሱ «እሺ» ብሎ እስኪፈርም ድረስ ኤች አሯ ሁለተኛ ለወጣችው «አልተመረጥሽም» አትልም፤ እሱ እምቢ ቢል የምትጠራት እሷን ነውና። «ተመርጠሻል» ልትላትም አትችልም። ስለዚህ ዝም ትላለች። ይህ ዝምታ አመልካቿን ያማል፤ የወደቀች ሰው ዝምታ ግን አይደለም። በእጅ የምትያዝ ሰው ዝምታ ነው።

እርግጥ መጥፎዎቹም ምክንያቶች አሉ። መደቡ ታግዶ ይሆናል፣ ኤች አሯ ፈቃድ ወጥታ ወይም ሥራ ለቃ ጉዳዩ የማንም ሳይሆን ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም ሌላ ሰው ተቀጥሮ ለተቀሩት የሚጽፍላቸው ጠፍቶ ይሆናል። የመጨረሻው ያሳዝናል። ሁለት ጊዜ አቅርቦ የጠየቀውን ሰው በአንድ መስመር እንኳ ማሰናበት ያልቻለ መሥሪያ ቤት ጥፋት እንደሠራ ማወቅ አለበት። ከውጭ ላለ ሰው ግን እነዚህ ሁሉ አንድ መልክ አላቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው መጠየቅ ብቻ ነው።

ኤች አሯ በአብዛኛው ወሳኝ አለመሆኗን ልብ ይሏል። «ተቀጠርኩ ወይስ አልተቀጠርኩም?» ብሎ መጠየቅ በእጇ የሌለውን ነገር መጠየቅ ነው፤ ስለዚህ መልሱን ታዘገየዋለች፣ ስታዘገየውም ይረሳል። «ጉዳዩ የት ደርሷል? እስከ መቼስ ይጠበቃል?» የሚለውን ግን ከወንበሯ ሳትነሳ በሁለት መስመር ልትመልሰው ትችላለች። «ማጽደቅ ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ እናሳውቅሻለን» ለማለት የማንንም ፈቃድ አያስፈልጋትም።

መቼ ይጻፍ? ተስፋ የተሰጠ ቀን ካለ ያ ቀን ካለፈ ከሁለት ወይም ከሦስት የሥራ ቀን በኋላ መጻፍ ነውር የለበትም። ቀን ካልተሰጠ ሁለት ሳምንት፣ ማለትም አሥር የሥራ ቀን፣ ተገቢ ልክ ነው። መቁጠር ያለበት የሥራ ቀን ነው። ኢንተርቪው የተደረገው ከገና በፊት ከሆነ በዓሉ መሐል ይገባል፣ ጥምቀት ይከተላል፤ በውጭ አገር ሰዎች በሚመራ ድርጅት ደግሞ ፈራሚው ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ አገሩ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ በዚያ ሰሞን የፋይናንስ ሰዎች ቅጥር የሚያዩበት ፋታ አይኖራቸውም። የእኛ ባለሙያ ግን ኅዳር ላይ ናት፤ መሐሉ ላይ በዓል የለም። ከኅዳር 4 አሥር የሥራ ቀን ሲቆጠር ሐሙስ ኅዳር 18 ይመጣል። ሰኞ ጠዋት የተከማቸ ኢሜይል የሚጠረግበት ነው፣ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ሰው ልቡ ወጥቷል፤ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መላክ መልካም ነው።

ለማን ይጻፍ? ለኢንተርቪው ለጠራቻት ኤች አር። ለፋይናንስ ኃላፊው መጻፍ ያጓጓል፤ ወሳኙ እሱ ነውና፣ በኢንተርቪውም ላይ ፈገግ ብሎላታል። ነገር ግን ኤች አሯን አልፎ ወደ እሱ መሄድ እሷን ዘላ እንደከሰሰቻት ይቆጠራል፤ ኃላፊውም ብዙ ጊዜ ራሱ ሳይመልስ ወደ ኤች አር ይመራዋል። ደብዳቤው የኢንተርቪው ጥሪ በመጣበት ኢሜይል ላይ «መልስ» ተብሎ ይላክ፤ ያኔ ከሥሩ የቀድሞው ጥሪ ይታያል፤ ኤች አሯም ማን እንደሆነች ለማወቅ ፋይል አትገለብጥም። አዲስ ኢሜይል መክፈት ግድ ከሆነ ርዕሱ ላይ የመደቡ ስምና የኢንተርቪው ቀን ይግባ። ጥሪው በእንግሊዝኛ መጥቶ ከሆነ መልሱም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ይዘቱ ግን አይለወጥም።

ባለሙያዋ የምትልከው ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ርዕስ፦ ከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ፣ የሐሙስ ኅዳር 4 ሁለተኛ ቃለ መጠይቅ

ክብርት ወ/ሮ እገሊት፣

ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን ለከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ መደብ ሁለተኛውን ቃለ መጠይቅ ያደረግሁ አመልካች ነኝ። ለለጋሾች ስለሚቀርበው የሂሳብ ሪፖርት ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ያደረግነው ውይይት ለሥራው ያለኝን ፍላጎት ጨምሮልኛል።

በዕለቱ ውጤቱ በሳምንት ውስጥ እንደሚገለጽ ተነግሮኝ ነበር። ሂደቱ አሁን የት እንደደረሰና ውሳኔው እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።

ተጨማሪ ሰነድ ካስፈለገ በዕለቱ ማቅረብ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሙሉ ስም፣ ስልክ ቁጥር»

በስልክ ማያ ላይ ሲከፈት ብዙም ሳይገፋ ያልቃል። እያንዳንዱ መስመር ግን ሥራ አለው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን እንደሆነች ይናገራል፤ ኤች አሯ በዚያው ሰሞን ለአምስት መደብ ሰው እያጣራች ሊሆን ይችላል። «ኅዳር 4» ብቻ ሳይሆን «ሐሙስ ኅዳር 4» መባሉ ያለምክንያት አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ኖቬምበር 13 መሆን አለበት። በሁለት የዘመን አቆጣጠር በሚሠራ ቢሮ «ኅዳር 4» ብሎ የጀመረ ወሬ «ኖቬምበር 4» ሆኖ ሊደርስ ይችላል፤ የሳምንቱ ቀን ስሕተቱን ያጋልጣል።

ስለ ለጋሾች ሪፖርት የሚናገረው መስመር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ በእርግጥ የተነገረ አንድ ነገር መሆን አለበት። «በድርጅታችሁ መሥራት ሁሌም ሕልሜ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም ድርጅት ሊላክ ይችላል፤ ስለዚህ ለማንም እንደተላከ አይቆጠርም። ኤች አሯ ኢሜይሉን ለኃላፊው ብታስተላልፈው ግን ይህች አንዲት መስመር ያንን ውይይት ታስታውሰዋለች።

«በሳምንት ውስጥ እንደሚገለጽ ተነግሮኝ ነበር» የሚለው ወቀሳ የለበትም፤ ለምን አሁን እንደጻፈች ብቻ ያስረዳል። «በገባችሁት ቃል መሠረት አልደወላችሁልኝም» ቢባል እውነቱ አንድ ነው፤ ሰሚዋ ግን መከላከል ትጀምራለች። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፣ የተጻፈውም በመጠየቅ እንጂ በመለመን አይደለም። መጨረሻ ላይ ያለው የሰነድ ጉዳይ ደግሞ ፋይሉ ቆሞ ከሆነ ምናልባት የጎደለ ነገር እንዳለ እንድታይ ያደርጋታል። የሪፈረንስ ስልክ የማይሠራ ሆኖ ወይም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሳይያያዝ ቀርቶ ጉዳይ የሚቆምበት ጊዜ አለ።

በደብዳቤው ውስጥ የሌለውም ነገር የታሰበበት ነው። ይቅርታ የለም። «ስለማስቸግርዎት እጅግ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎት አውቃለሁ፣ ግን…» እያሉ መጀመር በእኛ ዘንድ ጨዋነት ይመስላል። ይሉኝታ ጥሩ ነው፤ እዚህ ቦታ ግን ጠያቂዋ መብት የሌላት ነገር እንደምትጠይቅ ያስመስላል። አንድ ሰው ፈቃድ ጠይቆ፣ ከሥራው ተነሥቶ፣ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ቀኑን ቢጠይቅ ማንንም አያስቸግርም። ማክበሩን «እርስዎ» ማለቱና ማሳጠሩ ይበቃዋል። የቤት ችግርም አይጻፍ። የቤት ኪራይ መጨመሩና ቤተሰብ መጠበቁ እውነት ቢሆንም ኤች አሯ በነጥብ መስጫው ላይ የምታስገባበት ቦታ የላትም፤ ማዘን ብቻ ነው የሚቀራት፣ ያዘነ ሰው ደግሞ ክፉ ወሬ ላለመንገር መልሱን ያዘገያል።

ከሁሉ የሚከፋው ዘመድ መላክ ነው። በእኛ አገር ይህ ፈታኝ ነው፤ ሁልጊዜ «እዚያ የማውቀው አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። ግን አስቡት። ባለሙያዋ በራሷ ነጥብ አንደኛ ወጥታ ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ቀርቦ ሳለ አንድ የሎጂስቲክስ ሠራተኛ ኤች አር ቢሮ ገብቶ «የእኛ ልጅ ጉዳይ እንዴት ሆነ?» ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ንጹሕ የነበረው ቅጥር የሚያጠራጥር ይሆናል። ጥንቃቄ የምታውቅ ኤች አር ፋይሉን ወደ ኋላ ትለዋለች። በራሷ ነጥብ ያገኘችውን ሰው ያበላሸባታል፤ የረዳት መስሎት።

ስልክስ? በኢትዮጵያ ብዙ ነገር በስልክ ያልቃል፤ ኤች አሮችም ኢሜይል ከማየት ስልክ ማንሳት የሚቀናቸው አሉ። ቢሆንም መጀመሪያ ኢሜይል፣ ከዚያ ስልክ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ኢሜይሉ ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ለምታነበውም ለማጣራት ጊዜ ይሰጣታል። አራት ወይም አምስት የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ መደወል ይቻላል። የሚደወለው በቢሮ መስመር ወይም እሷ ራሷ በደወለችበት ቁጥር ነው፤ ከሰው የተገኘ የግል ቁጥር ላይ አይደወልም፣ በቴሌግራም ተፈልጎ በተገኘ የግል አካውንትም አይጻፍላትም። ንግግሩም አጭር ይሁን፦ «ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣ ለሂሳብ ባለሙያው መደብ ኅዳር 4 ቀርቤ የነበርኩ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ኢሜይል ልኬልዎት ነበር፤ ደርሶዎት እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። አሁን ይመችዎታል ወይስ ሌላ ሰዓት ልደውል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋጋ አላት። ኤች አሯ ኃላፊው አጠገቧ ተቀምጦ ወይም ሌላ አመልካች ፊቷ ሆኖ ልትሆን ትችላለችና ማምለጫ ይሰጣታል። ያለ ማምለጫ የተያዘ ሰው «እናሳውቅሻለን» ብሎ ይዘጋል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆነው ሥራ ለሚፈልጉ ወገኖቻችን አንድ ልዩነት አለ። እዚያ የሚደውለው ሪክሩተር ብዙ ጊዜ የቀጣሪው ሠራተኛ አይደለም፤ የአገናኝ ኩባንያ ሰው ነው፤ የሚከፈለውም ሰው ሲቀጠርለት ነው። ከእሱ ዘንድ ጥያቄው ትንሽ ሊሰፋ ይችላል፤ «ደንበኛዎ ስለ እኔ ምን አለ? እስከ መቼስ ይወስናል?» ተብሎ በቀጥታ ይጠየቃል፤ ለቀጣሪው ደውሎ ማስታወስ የእሱ ሥራ ነው። ቀጣሪውን በራስ ማነጋገር ግን እሱን ማለፍ ስለሚሆን አይደረግም።

መልሱ ሲመጣ አነባበቡ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ቀን ያለበት መልስ መልካም ምልክት ነው። «ሪፈረንስ እያጣራን ነው» ከተባለ ይበልጥ መልካም ነው፤ ለማይፈልጉት ሰው ሪፈረንስ መደወል ድካም ነውና። ባለሙያዋ ያኔ ወዲያው ለቀድሞ አለቃዋ ደውላ ስልክ እንዲያነሱ ትንገራቸው። «ሂደቱ ገና አላለቀም» የሚል ቀን የሌለው መልስ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚሰጠው መልስ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ «አመሰግናለሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልሰማሁ መልሼ ብጠይቅ ይስማማዎታል?» ብሎ መጻፍ ይቻላል። «ይስማማኛል» ካለች ቀጣዩ መልእክት ማስቸገር መሆኑ ቀረ።

ሁለተኛ ረድፍ ላይ መሆን ከንቱ አይደለም፤ ምክንያቱ ሕጉ ውስጥ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እንግዲህ አንደኛ የወጣው ሰው ሌላ ቦታ እየሠራ ከሆነ ፈርሞም እንኳ ከወር በፊት ላይመጣ ነው። በዚያ ወር ውስጥ የአሁኑ አሠሪው ደመወዝ ጨምሮ ሊያስቀረው ይችላል። ያኔ ስልኩ የሚደወለው ወደ ተጠባባቂዋ ነው፤ ከተጠባባቂዎቹም መካከል በጨዋነት ጽፋ ስሟን ከፊት ወዳስቀመጠችው።

ያው ሕግ ባለሙያዋንም ያስጠነቅቃታል። አሁን ሥራ ላይ ከሆነች «አልቋል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» ተብሎ በስልክ ቢነገራት እንኳ መልቀቂያ አታስገባ። የተፈረመ የቅጥር ደብዳቤ እጇ እስኪገባ ድረስ የተባለው ሁሉ ሐሳብ ነው፤ መደቡ በመጨረሻው ፊርማ ላይ ሊታገድ ይችላል። የ30 ቀኑን ጉዳይ ደግሞ ለአዲሱ መሥሪያ ቤት አስቀድማ ትንገራቸው።

በመካከሉ ሌላ መሥሪያ ቤት የቅጥር ደብዳቤ ቢሰጣትስ? ይህ እውነት ከሆነ መናገር መብቷ ብቻ ሳይሆን ደግነትም ነው፤ ኤች አሯ ኃላፊውን የምታስፈርምበት ምክንያት ታገኛለች። «ከሌላ ድርጅት የቅጥር ጥያቄ ቀርቦልኛል፤ እስከ ዓርብ ኅዳር 26 መልስ መስጠት አለብኝ። የእናንተን መደብ ስለማስቀድም ከዚያ በፊት ውሳኔያችሁን ማወቅ የሚቻል ከሆነ ብዬ ነው» ማለት ይበቃል። የዚያኛውን ድርጅት ስምና ደመወዝ መጥቀስ አያስፈልግም። እውነት ካልሆነ ግን በፍጹም አይጻፍ። «እንግዲያው እንኳን ደስ አለሽ፣ እኛ እስከዚያ አንደርስም» ቢሏት የሌለ ሥራ ልትቀበል ነው፤ የኤች አር ሰዎችም በአንድ ከተማ ውስጥ ይተዋወቃሉ።

መልስ ጭራሽ ካልመጣ አንድ ኢሜይል፣ አንድ ስልክ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የመጨረሻ ኢሜይል ይበቃል። የመጨረሻው ጥያቄ የለውም፦ «ሂደቱ እንደተጠናቀቀ በመገመት ሌሎች ማመልከቻዎቼን እቀጥላለሁ፤ ወደፊት ተስማሚ መደብ ሲኖር ብታስታውሱኝ ደስ ይለኛል።» ይህን የጻፈ ሰው በሩን አልዘጋም፤ ደጃፉ ላይም አልቆመም። በእርግጥም የታገደ መደብ አዲሱ በጀት ሲጸድቅ እንደገና ይከፈታል፤ ኤች አሯም ማስታወቂያ ከማውጣቷ በፊት መጀመሪያ የምትከፍተው የቀድሞዎቹን አመልካቾች ፋይል ነው።